ሁለት ጊዜ ለተቆረጠባት ደንበኛ የጻፍኩት ደብዳቤ፦ ከመላኬ በፊት እዩልኝ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እየተረክሁ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሰኞ ዕለት አንዲት ደንበኛ ዕቃ መርጣ በካርድ ልትከፍል መጣች። ካርዷን ፖስ ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች። ማሽኑ ቆየ፣ ቆየ፣ በመጨረሻ ግንኙነት ተቋርጧል አለ። ደረሰኝም አልወጣም። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሞከረ። ሁለተኛው አለፈ፣ ደረሰኙ ወጣ፣ ደንበኛዋም ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ማክሰኞ ማታ ደወለች። የባንኳ መተግበሪያ ላይ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት መስመሮች ይታያሉ።

ደነገጥኩ። ያኔውኑ የማሽኑ አቅራቢ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ክፍያውን ፈለግሁና REFUND የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሲስተም ችግር ሁለት ጊዜ እንደተቆረጠባት፣ አንዱን እንደመለስን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሂሳቧ ላይ እንደሚገባ ነገርኳት። ለማረጋገጫ የካርድ ቁጥሯንና የካርዷን ፎቶ እንድትልክልኝም ጠየቅኋት። ይቅርታ የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ከመላኬ በፊት እዚህ ለጠፍኩትና ቋንቋውን እዩልኝ አልኩ። የጠየቅሁት ስለ ቋንቋው ብቻ ነበር።

መልስ 1 ትሁት ነበር። ደብዳቤው ጥሩ ነው፣ ግን ይቅርታው በዝቷል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይበቃል አለ። አንድ የፊደል ግድፈትም አረመልኝ። አመሰገንኩ። ክሩ እዚያው ያልቃል ብዬ ነበር።

መልስ 2 ግን በጥፊ የመምታት ያህል ነበር። የካርድ ፎቶ የሚጠይቅ ደብዳቤ የአጭበርባሪ ደብዳቤ ነው አለ ሰውዬው። ገንዘብሽን ልመልስልሽ፣ ካርድሽን ላኪልኝ ብሎ መጻፍ እነሱ በየቀኑ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ደንበኛ ደብዳቤህን ሳታነብ ታጠፋዋለች፣ ያልተጠነቀቀችው ደግሞ ነገ ለእውነተኛው ሌባም ትልካለች ሲል ቀጠለ። ተመላሹን አድርጌያለሁ ካልክ ደግሞ የካርዱ ቁጥር ለምን አስፈለገህ? ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤው ቁም ነገር ያለው እንዲመስል ብዬ ነው የጨመርኩት። ከደንበኛው የሚያስፈልጉት ቀኑ፣ መጠኑና የካርዱ የመጨረሻ 4 አሃዞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሱቁ ደረሰኝ ላይ ታትመዋል። የሚስጥር ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ያሉት 3 አሃዞች ወይም በስልክ የሚመጣ ኮድ ለተመላሽ ተብሎ በደብዳቤ በጭራሽ አይጠየቅም። ይህን ከደብዳቤዬ ወዲያው አወጣሁ።

መልስ 3 የጻፈችው ባንክ ውስጥ የካርድ ክርክር የሚታይበት ክፍል ለዓመታት እንደሠራች የነገረችን ሴት ናት። ከዚህ በኋላ ክሩን የያዘችው እሷ ነች። ስለ ቋንቋው አንድም ነገር አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የሰኞ ቀን መዝጊያ ሪፖርትህ ላይ ስንት ሽያጭ አለ? አንድ ወይስ ሁለት?

ሳላየው ነበር ደብዳቤውን የጻፍኩት።

እሷም ልዩነቱን በቀላል ቋንቋ አስረዳች። ካርድ ማሽን ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ፈቃድ መጠየቅ ነው። የደንበኛው ባንክ ይፈቅዳል፣ ያን ያህል ገንዘብም ይይዛል። ገንዘቡ ገና ከሂሳቧ አልወጣም፣ ግን ልትጠቀምበት አትችልም። ሱቁ ገንዘቡን የሚያገኘው ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ዘግቶ ሲልክ ነው። ሰኞ የሆነው ምናልባት እንዲህ ነው ትላለች፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ባንኩ ደርሶ ተፈቅዷል፣ መልሱ ግን ወደ ማሽኑ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ማሽኑ መልስ ሲያጣ የቀደመውን ሰርዙልኝ የሚል መልእክት መላክ ነበረበት፤ መስመሩ ተቋርጦ ከነበረ ያም ሳይደርስ ቀርቷል። ባንኩ እንግዲህ ሽያጩ የተሳካ መስሎት ገንዘቡን ይዞ ተቀምጧል። እንደዚህ ከሆነ ሪፖርትህ ላይ የሚኖረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሁለቱም ካሉ ግን ሁለቴ ወስደሃልና መመለስ አለብህ። ሁለቱ ጉዳዮች ደንበኛዋ ስልክ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ደብዳቤያቸው ግን ለየቅል ነው።

መልስ 4 የአንድ ሱቅ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። እሷን ደግፎ ገባና፣ እንዲህ ከሆነማ ምንም መጻፍ አያስፈልግም፣ የተያዘ ገንዘብ በ3 ቀን ራሱ ይለቀቃል፣ ደንበኛዋን ታገሺ በላት አለ። ግማሹ ልክ ነው። ራሱ የሚለቀቅ መሆኑ እውነት ነው። የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነው ግን የደንበኛዋ ባንክ እንጂ እኛ አይደለንም። በሁለት ቀን የሚለቅ አለ፣ ሳምንት የሚያቆይ አለ፣ ከዚያ የሚያልፍም አለ። 3 ቀን ብለህ ጽፈህ በ4ኛው ቀን መስመሩ እዚያው ካለ፣ ደብዳቤህ ውሸት ሆኖ ይቀራል።

መልስ 5 ጥያቄውን ሳያነብ የገባ ነው። ሆቴል ሲያርፍ ከሂሳቡ በላይ ተይዞበት እንደነበር፣ ሲወጣም ወዲያው እንዳልተለቀቀለት በሦስት አንቀጽ ተረከ። የሆቴሉ መያዣ እንግዳው ሲገባ ተነግሮት፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። መልስ 6 ይህንኑ ነገረው፣ ትንሽ ሻከር ባለ ድምፅ። መልስ 7 ሁለቱን አስታረቀ፤ ከዚያ ስለ ሆቴል ትራስ ማውራት ጀመሩ፣ እሱን እዘለዋለሁ።

መልስ 8 የእኔ ነው። ሪፖርቱን አወጣሁ። የሰኞው መዝጊያ ላይ በዚያ መጠን ያለው ሽያጭ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ሙከራ። የመጀመሪያው የለም። ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፣ እንግዲህ ሁለቴ አልወሰድኩም ብዬ።

በመልስ 9 የመልስ 3ዋ ሴት ተመልሳ መጣች፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። ታዲያ ማክሰኞ ማታ የመለስከው የቱን ነው?

እንደገና ድረ ገጹን ከፈትኩ። በዚያ መጠን የነበረው ክፍያ አንድ ስለሆነ የነካሁት እሱን ነው። እውነተኛውን ሽያጭ መልሻለሁ ማለት ነው። አስቡት። የመጀመሪያው ሙከራ ባንኩ ጋ የተያዘ ብቻ ስለሆነ ውሎ አድሮ ይለቀቃል። ሁለተኛውን ደግሞ እኔ በገዛ እጄ መልሻለሁ። ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ደንበኛዋ ዕቃውንም ገንዘቡንም ይዛለች። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ልልክ የነበረው ደብዳቤ አንዱን መልሰንልሻል፣ አንዱ የእኛ ነው የሚል ነበር። የእኛ የሆነ አልነበረም!

መልስ 10 ቶሎ የደረሰ ሰው ነው። ተመላሹ የተደረገበት ቀን ገና ካልተዘጋ VOID ማድረግ ትችላለህ፣ ሩጥ አለኝ። VOID እና REFUND የሚለያዩት እዚህ ነው። ከቀኑ መዝጊያ በፊት VOID ከተደረገ ነገሩ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ደንበኛውም የተያዘበት ይለቀቅለታል እንጂ የሚገባ ገንዘብ አያይም። ከመዝጊያ በኋላ ያለው መንገድ REFUND ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ የገቢ መስመር ሆኖ ከቀናት በኋላ ይታያል። ስለዚህ ደንበኛን መለስንልሽ ብለን ስንጽፍ የትኛውን እንዳደረግን ካላወቅን፣ የማይመጣ ገቢ ስትጠብቅ ትኖራለች። እኔ ጋ ማሽኑ ሌሊት ራሱ ይዘጋል። ረቡዕ ጠዋት ስሮጥ ዘግቶ ነበር።

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። መልስ 11 ምን ቸገረህ፣ ካርዱ ድረ ገጹ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ እንደገና ቁረጥ አለ። መልስ 12 ደንበኛዋ ሳታውቅ ሦስተኛ መስመር? ብሎ ጮኸበት። የመልስ 3ዋ ሴት በመልስ 13 ረጋ ብላ ገባች። ባለካርዷ ያልፈቀደችው ክፍያ ነው፣ ወደ ባንኳ ሄዳ አልፈቀድኩም ብትል ተከራክረህ አታሸንፍም፤ ገንዘቡም ይሄዳል፣ የክርክር ክፍያም ትከፍላለህ፣ ደንበኛዋንም ታጣለህ አለች። መልስ 11 ቀልዴን ነው አለ። አልመሰለኝም።

መልስ 14 ኪሳራውን ከገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ደሞዝ ቁረጥ የሚል ነበር። ለዚህ ያገኘው ወቀሳ ብዛት ይገርማል። ልጁ ያጠፋው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ስላልነገርኩት ነው። ማሽኑ ግንኙነት ተቋርጧል ሲል ካርዱን እንደገና ከመክተት በፊት የመጨረሻውን ክፍያ ሁኔታ ከማሽኑ ማየት፣ ደንበኛውንም ስልክህ ላይ መልእክት ደርሷል ወይ ብሎ መጠየቅ። REFUND የነካሁት ደግሞ እኔ እንጂ እሱ አይደለም።

መልስ 15 ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው፣ ምክንያቱም የመልስ 3ዋን ሴት ያረማት እሱ ነው። የካርድ ማሽኖችን የሚያገናኝ ሥርዓት ላይ ይሠራል። ያልሽው ልክ ነው፣ ግን ለሁሉም ካርድ አይደለም አላት። አንዳንድ የባንክ ካርዶች በሚስጥር ቁጥር ሲከፈልባቸው መያዝ የሚባል ደረጃ የላቸውም፤ ባንኩ ሲፈቅድ ያኔውኑ ከሂሳቡ ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ከደንበኛዋ ሂሳብ ወጥቷል፣ ሱቁ ጋ ግን አልደረሰም። ገንዘቡ በሁለቱ ባንኮች መካከል ቆሟል። ራሱ ይለቀቃል ብሎ መቀመጥ አይሠራም፣ አንድ ሰው ፈልጎ ማስታረቅ አለበት። እንዴት ይለያል? ደንበኛዋን ጠይቃት አለኝ፣ የመጀመሪያው መስመር Pending ይላል ወይስ ተጠናቅቋል? እሷም በመልስ 16 ተቀበለችው፤ እኔ የሠራሁት በብዛት በዱቤ ካርዶች ላይ ስለነበር ይህን ረስቼዋለሁ አለች። እንዲህ ዓይነት መልስ መድረክ ላይ ብዙ አይታይም።

ለደንበኛዋ ደወልኩላት። Pending ይላል አለችኝ። ገላገለኝ።

ከዚያ ማሽኑን ወደ ሰጠኝ ባንክ ደወልኩ፣ መልስ 15 እንደመከረኝ። የማሽኑን ቁጥር፣ ቀኑን፣ መጠኑንና የካርዱን የመጨረሻ 4 አሃዞች ሰጠሁ። ሁለቱም ሙከራዎች እነሱ ጋ ይታያሉ፣ በ47 ሰከንድ ልዩነት። የመጀመሪያው ተፈቅዷል፣ ስረዛው አልደረሰም። ባለ 6 አሃዝ የፈቃድ ኮዱንና RRN የሚባለውን ባለ 12 አሃዝ የክፍያው መለያ ቁጥር ሰጡኝ። የፈቃድ ኮዱ ለምን እንደሚያስፈልገኝ የመልስ 3ዋ ሴት በመልስ 17 ነገረችኝ፣ ደብዳቤውንም የቀየረው ይህ ነው። ደብዳቤው ለደንበኛዋ ማጽናኛ ብቻ አይደለም አለች። ይዛው ወደ ባንኳ የምትሄድበት ወረቀት ነው። ሱቁ ይህን ገንዘብ አይሰበስብም ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠና ባንኩ መያዣውን ለይቶ የሚያገኝበት ኮድ ካለው፣ ብዙ ባንኮች ቀኑን ሳይጠብቁ ይለቃሉ። ኮድ የሌለው ደብዳቤ ግን ባንክ ቤት መስኮት ላይ ዋጋ የለውም፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ የይቅርታህን ብዛት አይቆጥርም።

እንግዲህ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት፣ ይዘቱን በመልስ 18 አስቀምጫለሁ። አንድ ይቅርታ ከላይ አለ። ቀጥሎ የሆነው ነገር፦ ሰኞ በ47 ሰከንድ ልዩነት ሁለት ሙከራ እንደተደረገ፣ የመጀመሪያው ባንክዎ ጋ እንደተፈቀደ፣ የእኛ ማሽን ግን መልሱን እንዳላገኘ። በሲስተም ችግር የሚለውን አወጣሁት፣ ምንም አይናገርም። ከዚያ ለባንኳ የሚሆነው አንቀጽ፦ የሱቁ ስም የባንክ መግለጫዋ ላይ እንደሚታየው፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ የካርዱ የመጨረሻ 4 አሃዞች፣ የፈቃድ ኮዱ፣ RRN፣ በመጨረሻም ይህን ገንዘብ አልወሰድንም፣ አንወስድምም የሚል ቃል ከፊርማና ማኅተም ጋር። ስሙ ላይ ያሳሰበኝ መልስ 15 ነው፤ የእኔ ሱቅ መግለጫ ላይ የሚታየው በንግድ ፈቃዱ ስም ነው፣ በበሩ ላይ ባለው አይደለም። ደንበኞች የማያውቁት ስም ሲያዩ ሦስተኛ ሰው የቆረጣቸው ይመስላቸዋል።

ቀኑን በተመለከተ ለመያዣው ምንም ቀን አልጻፍኩም፤ የሚለቀው ባንክዎ ነው፣ ይህን ደብዳቤ ቢያሳዩ ሊፈጥን ይችላል ብዬ ተውኩት። ለተመላሹ ግን ማክሰኞ እንደተላከ፣ እስከ 10 የሥራ ቀን ሊወስድ እንደሚችል ጻፍኩ። ካልታየ የምንፈልግበት ARN የሚባል ባለ 23 አሃዝ ቁጥር እንደምንሰጣት ጨመርኩ፤ ባንኳ በዚያ ቁጥር ገንዘቡ የት እንደደረሰ ያያል። ባንኳ ጋ ክርክር ከፍታ ከሆነም እንድትነግረን ጠየቅሁ። ተመላሹና ክርክሩ ባንድ ላይ ከሄዱ እንደገና ሁለቴ ይገባል፣ ስለዚያ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ አልፈልግም።

የመጨረሻው አንቀጽ ነው ያጨቃጨቀን። እውነተኛውን ሽያጭ በስህተት እንደመለስኩ ልንገራት ወይስ አልንገራት? መልስ 19 ዝም በል አለ፤ ስህተቱ ያንተ ነው፣ ኪሳራውን ዋጠው፣ ደንበኛ ላይ ዕዳ አትጻፍ። መልስ 20 ዝም ካልክ ሂሳብህ ላይ ያልተከፈለ ዕቃ ወጥቶ ይቀራል፣ እንዴት ልትመዘግበው ነው? አለ፤ የሂሳብ ሠራተኛው ነበር፣ በዚህ ልክ ነው። መልስ 21 በግልጽ ንገራት፣ ግን ተመላሹም ሳይገባ፣ መያዣውም ሳይለቀቅ ክፈዪ አትበላት፤ አሁን ሂሳቧን ስታይ ሁለቴ እንደተቆረጠባት ሰው ነው የምታየው የሚል ነበር። ይህን ወሰድኩ። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሁለቱ ነገሮች ሲያልቁ የዕቃው ዋጋ ሳይከፈል እንደሚቀር፣ ያኔ በፈለገችው መንገድ ልትከፍል እንደምትችል፣ እስከዚያ ምንም እንዳታደርግ ጻፍኩ። ያለፈቃዷ ካርዷ ላይ ምንም እንደማንቆርጥም አስገባሁ። መልስ 19 አሁንም አልተስማማም። በገዛ ሱቁ እንዲህ አያደርግም ይላል።

መልስ 22 ስለ ደረሰኝ ወረቀት ነው። የማሽን ደረሰኝ ብርሃን ሲነካው ይለቃል፣ መሳቢያ ውስጥ ወር ሳይሞላው የሚነጣ አለ፣ ፎቶ አንሱት አለ። የሰኞውን ደረሰኝ አወጣሁት። ከመስኮቱ በኩል ያለው ጠርዝ ገና በሳምንቱ ገርጥቷል፣ የፈቃድ ኮዱ ግን ይነበባል።

ደብዳቤውን ሐሙስ ላክሁ። አርብ ለባንኳ አሳየችው፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ማኅተሙን አይቶ ተቀበላት፣ ሰኞ ጠዋት መስመሩ ጠፋ። ተመላሹ ግን እስከ ዛሬ አልገባም፣ 5ኛው የሥራ ቀን ነው። ትናንት ደውላ ARN ምንድነው ያልከኝ አለችኝ። ከአቅራቢው ጠይቄ ላክሁላት። መልስ 23 በስልክ ገንዘብ ሲላክ ሁለት ጊዜ ቢሄድስ ብሎ ጠይቋል። እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል።